የተነሣው ገጽና ያልተነሣው ገጽ፦ የጆርናል ጽሑፍን ከስልክ ፎቶ ጨምቆ ማውጣት

በጎንደር የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ቴሌግራም ውስጥ የጆርናል ጽሑፍ ሲዘዋወር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በስልክ የተነሡ ስምንት ወይም ዘጠኝ ፎቶዎች ሆኖ ነው። አንዱ ገጽ ላይ የእጅ ጥላ አርፎበታል፤ የሌላው ጠርዝ ተቆርጧል፤ አምስተኛው ገጽ ሁለት ጊዜ ተልኮ ስድስተኛው ጭራሽ የለም። ከእነዚህ ፎቶዎች ለሴሚናር ወይም ለፕሮፖዛል የሚሆን የግማሽ ገጽ ጭምቅ ይወጣል፦ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ግኝት፣ ውስንነት። ጭምቁ ከፎቶዎቹ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። ከአንድ ባች ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ዋናውን ጽሑፍ በዓይኑ ያላየ ሰውም ቁጥሩን ወስዶ መመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ያስገባዋል።

እንዲህ ያለ ጭምቅ ሲሳሳት ምክንያቱ ጥድፊያ ወይም የእንግሊዝኛ ችግር ብቻ ይመስላል። በቅርብ ሲታይ ግን አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ሦስት ዓይነት ዝምታ ከመቀላቀሉ ነው። አንዱ ጽሑፉ ራሱ ያልተናገረው ነው። ሁለተኛው ጽሑፉ ተናግሮት ፎቶው ያላሳየው ነው። ሦስተኛው ፎቶው ላይ እያለ ጨማቂው ያልገባው ነው። ሦስቱም ጭምቁ ላይ ሲደርሱ አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ይሆናሉ፤ ባዶው ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በግምት ይሞላል። «ናሙናው እንዴት እንደተመረጠ አልተገለጸም» ተብሎ የተጻፈ ጭምቅ ደራሲዎቹን እየከሰሰ ነው። ናሙናው የተመረጠበት አንቀጽ ግን ያልተላከው ስድስተኛ ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጭምቁ ለእያንዳንዱ ዝምታ የተለየ ቃል ያስፈልገዋል፦ ሙሉውን ጽሑፍ አይተን ካጣነው «አልተጠቀሰም»፣ ገጹ ከሌለ ወይም ካልተነበበ «አልታየም»፣ አንብበነው ካልገባን «ይጣራ»። ይህ ልዩነት ከሌለ የቀረው ሥራ ሁሉ ቢያምርም መሠረቱ ልል ነው።

ፎቶው ከመነበቡ በፊት

መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ከፎቶው የሚያላቅቅ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ገጽ አናት ወይም ግርጌ ላይ በ10. የሚጀምር የ`DOI` ቁጥር ይኖራል። እሱን ከ`https://doi.org/` ቀጥሎ መጻፍ ወደ ጽሑፉ ትክክለኛ ገጽ ይወስዳል። ጆርናሉ ክፍት ከሆነ ሙሉው ፒዲኤፍ በነጻ ይገኛል፤ የፎቶው ጣጣም እዚያው ያበቃል። በፎቶ የሚዘዋወር ጽሑፍ ሁሉ የተቆለፈ ነው ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው ከታተመ ወረቀት ስላነሣው ብቻ በፎቶ የቀረ ብዙ አለ። የተቆለፈ ቢሆንም እንኳ አብስትራክቱ በነጻ ስለሚታይ፣ ከፎቶው የተነበቡትን ዋና ዋና ቁጥሮች ለማመሳከር ያገለግላል።

ፎቶው ግድ ከሆነ ጥራቱን የሚያበላሸው ከካሜራው ይልቅ አላላኩ ነው። ቴሌግራም ምስልን እንደ ተራ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል። የኤ4 ወረቀት ቁመት 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም 11.7 ኢንች ገደማ ይሆናል። 1280ን ለ11.7 ብናካፍል በአንድ ኢንች 109 ፒክሰል ብቻ ይደርሳል። በሠንጠረዥ ግርጌ የሚታተመው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ 7 ነጥብ ያህል ትንሽ ነው። በዚህ ጥራት የትንሿ ፊደል ቁመት 5፣ የቁጥሩም 7 ፒክሰል ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ በዚያ ልክ 3ን ከ8፣ 6ን ከ0 መለየት የዕድል ጉዳይ ይሆናል። ያንኑ ፎቶ በ`File` አማራጭ መላክ የመጀመሪያውን መጠን ይጠብቃል። በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል ለማግኘት ሙሉ ገጹ 2480 በ3508 ፒክሰል ይፈልጋል፤ ይህም ወደ 9 ሜጋፒክሰል ነው፤ አሁን በእጃችን ካሉት ስልኮች አብዛኞቹ ከዚህ በላይ አላቸው።

አነሣሡ ላይ ሁለት ነገር ይበቃል። ወረቀቱ ከመስኮት አጠገብ ብርሃን ከጎን እንዲያገኘው ይቀመጥ፤ ከራስ በላይ ያለ አምፖል የስልኩንና የእጁን ጥላ ገጹ ላይ ይጥላል። የገጹ ቁጥርና የግርጌው መስመር ፍሬም ውስጥ ይግቡ። ሰው ፎቶ ሲያነሣ ዓይኑ የሚያርፈው ዋናው ጽሑፍ ላይ ስለሆነ በብዛት የሚቆረጠው ታች ያለው ነው፤ የሠንጠረዡ ምልክቶች ትርጉም፣ ለምሳሌ ኮከቧ ምን እንደምታመለክት፣ የሚገኘው ደግሞ እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹ በገጽ ቁጥር ይደረደራሉ፤ የጎደለውም ይመዘገባል። አንድ ዘዴ አለ፦ ዋናው ጽሑፍ ውስጥ የተጠሩትን ሠንጠረዦችና ሥዕሎች መቁጠር። ጽሑፉ «ሠንጠረዥ 4»ን ከጠራና በፎቶዎቹ ውስጥ ሦስት ብቻ ካሉ፣ የገጽ ቁጥር ባይታይ እንኳ ጉድለቱ ይታወቃል።

የፎቶውን ጽሑፍ በስልክ ፕሮግራም ወደ ፊደል የሚቀይር ሰው ሌላ ጥንቃቄ አለበት። ባለሁለት ዓምድ ገጽ ላይ ፕሮግራሙ አንዳንድ ጊዜ የግራውን ዓምድ መስመር ከቀኙ ጋር አያይዞ ያነባል፤ የሁለት አንቀጾች ቅልቅልም ሰዋስዉ የተስተካከለ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ከፍ ብለው የሚጻፉ ቁጥሮችም ይወርዳሉ፦ 10³ የነበረው 103 ይሆናል። እንደ ላንሴት ያሉ ጆርናሎች የአስርዮሹን ነጥብ በመስመሩ መካከል ስለሚያደርጉት ነጥቡ ተውጦ 2·4 ወደ 24 ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ከተቀየረው ፊደል ብንወስድ እንኳ ቁጥሩን ሁልጊዜ ከፎቶው በዓይን ማንበብ ይገባል።

አንድ ጽሑፍ ይዘን እንሂድ

ለምሳሌነት የሚመች አንድ ጽሑፍ አለ። በጎንደርና በአብዱራፊ በተካሄደ ሙከራ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ካላዛርን ከኤችአይቪ ጋር አብረው የያዙ ሕሙማንን ይመለከታል። በ2019 እ.ኤ.አ. `PLoS Neglected Tropical Diseases` ላይ የወጣ ነው። ጆርናሉ ክፍት ስለሆነ አንባቢ ዋናውን ከፍቶ እዚህ ያለውን ሁሉ ሊያመሳክር ይችላል። ነገሩ የጽሑፍ ልምምድ ብቻም አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ እነዚህን ሕሙማን በተመለከተ ያወጣው ምክር ከተደገፈባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ጥናት ነው።

ብዙ ሰው ጭምቁን የሚጀምረው ከዓላማው ነው፤ መጀመሪያ ስለሚመጣ። ዘዴውን ቀድሞ መጻፍ ይሻላል፤ ምክንያቱም ግኝቱ በምን ግስ ሊነገር እንደሚችል የሚወስነው ዘዴው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሕሙማኑ በዕጣ በሁለት ተመድበዋል። አንደኛው ክፍል አምቢሶም ብቻውን፣ በድምሩ 40 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ወሰደ። ሁለተኛው አምቢሶም በድምሩ 30 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ከዚህም ጋር ሚልቴፎሲን በቀን 100 ሚሊ ግራም ለ28 ቀን ወሰደ። ሐኪሙም ሕመምተኛውም የሚሰጠውን መድኃኒት ያውቁ ነበር። ዋናው መለኪያ በ29ኛው ቀን ፓራሳይቱ መጥፋቱ ነው። በዚያ ቀን ሁኔታቸው ተሻሽሎ ፓራሳይቱ ያልጠፋላቸው ያንኑ ሕክምና ሁለተኛ ዙር ወሰዱ፤ ውጤቱም በ58ኛው ቀን ታየ። ቅበላው የቆመው አስቀድሞ በተቀመጠ የማቆሚያ ደንብ መሠረት ሲሆን፣ እስከዚያ 19 ሰዎች በአንደኛው፣ 39 ሰዎች በሁለተኛው ክፍል ገብተው ነበር።

እዚህ ዘዴ ውስጥ ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ቃል አለ፤ ጨማቂዎችም ዘለው የሚያልፉት እሱን ነው። ጽሑፉ ሙከራው `non-comparative` ነው ይላል። ሰዎቹ በዕጣ ቢመደቡም ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርስ እንዲወዳደሩ ተደርጎ ጥናቱ አልታቀደም። ዕጣ የሚለውን ያየ ተማሪ በልማድ ውድድር ነው ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያም «ጥምሩ ከነጠላው የተሻለ መሆኑ ተረጋገጠ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ዐረፍተ ነገር ከየትኛውም ገጽ አልተወሰደም፤ የጨማቂው ፈጠራ ነው።

ዓላማውም ከዚሁ ይቀረጻል፦ በኢትዮጵያ ካላዛርና ኤችአይቪ በአንድነት ላለባቸው ሕሙማን የሁለቱን ሕክምናዎች ፈዋሽነትና ደኅንነት እያንዳንዱን በየራሱ መመዘን። «የትኛው እንደሚሻል ማወቅ» ከተባለ ዓላማው ከጥናቱ አልፎ ሄዷል። ዓላማው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያው የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ነው። የመግቢያው የመጀመሪያ አንቀጾች ስለ በሽታው ክብደት የሚናገሩ ስለሆኑ ለጭምቁ አያስፈልጉም።

ግኝት፦ ሁለት ቁጥር ሲኖር

ግኝቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ29ኛው ቀን ለነጠላው ሕክምና ሁለት ውጤት ተሰጥቷል፦ ያልተስተካከለው 70 በመቶ (ከ45 እስከ 87)፣ የተስተካከለው 50 በመቶ (ከ27 እስከ 73)። ለጥምሩም እንዲሁ 81 በመቶ (ከ67 እስከ 90) እና 67 በመቶ (ከ48 እስከ 82)። በ58ኛው ቀን የተስተካከለው ውጤት ለነጠላው 55 በመቶ (ከ32 እስከ 78)፣ ለጥምሩ 88 በመቶ (ከ79 እስከ 98) ነው። በቅንፍ ያሉት የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሎች ናቸው።

ከዚህ ውስጥ «ጥምሩ 88 በመቶ፣ ነጠላው 70 በመቶ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ቁጥሮች ከጽሑፉ ወስዷል፤ ጭምቁ ግን ሐሰት ነው። አንዱ ቁጥር የ58ኛው ቀን ነው፣ ሌላው የ29ኛው። አንዱ የተስተካከለ ነው፣ ሌላው ያልተስተካከለ። እንዲህ ዓይነት ድቀላ የሚፈጠረው ቁጥሮቹ ከሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ሲለቀሙ ነው፤ ፎቶዎቹ ሲለያዩ ቁጥሩን የሚገልጸው የሠንጠረዡ ራስ ከቁጥሩ ይለያል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቁጥር ብቻውን አይጻፍ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር የትኛው ክፍል፣ በስንተኛው ቀን፣ የተስተካከለ ወይስ ያልተስተካከለ፣ የመተማመኛ ክልሉ ስንት፣ ከየትኛው ገጽ የሚሉት አብረው ይግቡ። ማስተካከያው ምንን ለማረም እንደተደረገ የሚነገረው የስታቲስቲክስ ትንተና በሚለው ንዑስ ክፍል ነው፤ ያ ገጽ ካልተላከ «የማስተካከያው ዓይነት አልታየም» ተብሎ ይጻፍ።

የመተማመኛ ክልሉን አብሮ መጻፍ ሌላም ጥቅም አለው፤ የተሳሳተ ንባብን ያጋልጣል። በመቶኛ የተሰጠ ውጤት ብዙ ጊዜ ከክልሉ መካከል ብዙ አይርቅም። 48 እና 82 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 65 ይሆናሉ፤ 67 ለዚህ ቅርብ ነው። ፎቶው ደብዝዞ 67ን 87 ብለን ብናነብ ቁጥሩ ከ82 በላይ፣ ከክልሉ ውጭ ይወድቃል፤ ስሕተቱም ወዲያው ይታወቃል። ውጤቱ ወደ 0 ወይም ወደ 100 ሲጠጋ ክልሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ከክልሉ መውጣት ግን ፈጽሞ የለበትም። ለኦድስ ሬሾ ስሌቱ ይለያል፤ ሁለቱን ጫፎች አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ነው። ለምሳሌ ከ1.5 እስከ 3.84 የሚል ክልል ቢሰጥ ብዜቱ 5.76፣ ስኩዌር ሩቱ 2.4 ነው፤ ፎቶው ላይ ያነበብነው 24 ከሆነ ነጥቧ ጠፍታለች ማለት ነው። የስልክ ካልኩሌተር ላይ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ኦድስ ሬሾ ከተነሣ፣ በጎንደር ተማሪዎች እጅ በብዛት የሚገኘው ጽሑፍ እንደዚህኛው ሙከራ ሳይሆን ክሮስ ሴክሽናል ጥናት ነው። ግኝቱ የሚነገረውም በተስተካከለ ኦድስ ሬሾ ነው። እዚያ ያለው የዘወትር ስሕተት 3 የሚለውን ቁጥር «በሦስት እጥፍ የመያዝ ዕድል» ብሎ መተርጎም ነው። ለስሌት ያህል አንድ ችግር በአንደኛው ቡድን 40 በመቶ፣ በሌላው 66.7 በመቶ ቢሆን እናስብ። ኦድሱ በመጀመሪያው 40 ለ60፣ ማለትም 0.67 ነው፤ በሁለተኛው 66.7 ለ33.3፣ ማለትም 2 ነው። ሬሾው 3 ይሆናል። በመቶኛው ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚበልጠው 1.67 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም። ችግሩ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ብዙ ሰው ላይ ሲታይ ይራራቃሉ። ስለዚህ ጭምቁ «ኦድሱ 3 እጥፍ ነው» ብሎ ይጻፍ፣ ቢቻል የሁለቱን ቡድኖች መቶኛ ከሠንጠረዡ ወስዶ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የተለካበት ጥናት ስለሆነም «አመጣ»፣ «አስከተለ» የሚሉ ግሶች አይገቡም፤ «ተያይዞ ተገኘ» ይበቃል።

ውስንነት፦ የደራሲዎቹና የጨማቂው

ደራሲዎቹ ያመኑት ውስንነት በአብዛኛው ከመደምደሚያው በፊት ባለ አንድ አንቀጽ ውስጥ ይገኛል፤ የውይይቱ የመጨረሻ ገጽ ካልተነሣ እሱም የለም። ጭምቁ እሱን እንደተጻፈው ይወስዳል፤ «ደራሲዎቹ እንዳሉት» የሚል መለያም ይሰጠዋል። ከዘዴው በመነሣት ጨማቂው ራሱ ያየው ደግሞ ለብቻው ይጻፋል። ሁለቱ ሲደባለቁ ደራሲዎቹ ያላሉት በአፋቸው ይገባል፤ ጨማቂው በሴሚናር ሲጠየቅም የቱን መከላከል እንዳለበት ግራ ይገባዋል።

በያዝነው ጽሑፍ ከዘዴው ብቻ ሦስት ነገር ማለት ይቻላል። ክፍሎቹ እንዲወዳደሩ አልታቀዱም። በነጠላው ክፍል 19 ሰው ብቻ ስለነበረ የ29ኛው ቀን የተስተካከለ ውጤት ክልሉ ከ27 እስከ 73 ሰፍቷል፤ ይህም ከሩብ ትንሽ ከሚበልጡት ጀምሮ ሦስት አራተኛ እስከሚጠጉት ድረስ ሊድኑ ይችላሉ ማለት ነው። የ58ኛው ቀን ውጤት ደግሞ ሕክምናው እንዳበቃ የታየ ነው፤ በሽታው ከወራት በኋላ ማገርሸት አለማገርሸቱን አይናገርም። ኤችአይቪ ባለባቸው የካላዛር ሕሙማን ላይ ማገርሸት ዋና ችግር ስለሆነ ይህ የመጨረሻው ነጥብ መቅረት የለበትም።

ለምሳሌ ያህል ጽሑፉ በፎቶ ብቻ ደርሶን የውይይቱ መጨረሻ ገጽ ቀርቶ ቢሆን፣ ሁሉም ሲሰበሰብ የጭምቁ ልክ ይህን ይመስላል፦

«ዓላማ፦ በኢትዮጵያ ካላዛርና ኤችአይቪ ላለባቸው ሕሙማን አምቢሶም ብቻውንና አምቢሶም ከሚልቴፎሲን ጋር ያላቸውን ፈዋሽነትና ደኅንነት በየራሳቸው መመዘን።

ዘዴ፦ በዕጣ የተመደበ፣ መድኃኒቱ ያልተደበቀበት፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ ያልተወዳደሩበት ሙከራ፤ ጎንደርና አብዱራፊ፤ 19 ሰው በነጠላ (40 ሚ.ግ/ኪ.ግ)፣ 39 ሰው በጥምር (30 ሚ.ግ/ኪ.ግ፣ ከሚልቴፎሲን 100 ሚ.ግ በቀን ለ28 ቀን ጋር)። ዋና መለኪያ፦ በ29ኛው ቀን የፓራሳይት መጥፋት። ያልጠፋላቸው ግን የተሻሻሉት ሁለተኛ ዙር ወስደው በ58ኛው ቀን ታይተዋል።

ግኝት፦ 29ኛው ቀን፣ የተስተካከለ፦ ነጠላ 50% (27–73)፣ ጥምር 67% (48–82)። 58ኛው ቀን፣ የተስተካከለ፦ ነጠላ 55% (32–78)፣ ጥምር 88% (79–98)።

ውስንነት፦ ደራሲዎቹ እንዳሉት፦ አልታየም (የውይይቱ መጨረሻ ገጽ አልተላከም)። ከዘዴው፦ ንጽጽር አልታቀደም፤ ናሙናው ትንሽ፣ ክልሉ ሰፊ ነው፤ ማገርሸት በ58 ቀን አይለካም።»

ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ የገጹና የሠንጠረዡ ቁጥር ይገባል፤ እዚህ የተተወው ንባቡ እንዳይቆራረጥ ነው። «አልታየም» የሚለው መስመርም እንዳለ ይቀመጣል፤ ገጹ ሲገኝ የሚለወጠው ያ አንድ መስመር ብቻ ይሆናል።

የመጨረሻው ሥራ የሌላ ሰው ነው። ጭምቁን ያልጻፈ አንድ ጓደኛ ጽሑፉን ሳያነብ ቁጥሮቹን ብቻ በተጻፈው ገጽና ሠንጠረዥ መሠረት ከፎቶው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራል። የጻፈው ሰው ራሱ ቢያደርገው ዓይኑ የሚያየው የጻፈውን ነው። አንድ ቁጥር ፎቶው ላይ ካልተገኘ ጭምቁ ላይም አይቆይም፤ ፎቶዎቹ በገጽ ቁጥራቸው ተሰይመው፣ የጎደሉት ገጾች ዝርዝርም በጭምቁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ተጽፎ፣ ከጭምቁ ጋር በአንድ ፎልደር ይላካሉ።